በሁለት ትይዩ ሽቦዎች መካከል ያለው ኃይልና የአምፔር ትርጓሜ፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ (ተማሪ)፦ ፍሰታቸው ወደ አንድ አቅጣጫ የሆነ ሁለት ሽቦዎች ይሳሳባሉ ይባላል። በሁለቱም ውስጥ የሚሄዱት ኤሌክትሮኖች ከሆኑ ግን ኔጌቲቭ ከኔጌቲቭ ጋር መገፋፋት አልነበረበትም?

መልስ፦ ሐሳብህ ግማሹ ትክክል ነው። በባዶ ቦታ ውስጥ ጎን ለጎን የሚወረወሩ ሁለት የኤሌክትሮን ጨረሮች በእርግጥ ይገፋፋሉ፤ በመካከላቸው መግነጢሳዊ መሳሳብ ቢኖርም የኤሌክትሪኩ መገፋፋት ሁልጊዜ ይበልጠዋል። በሽቦ ውስጥ ግን ኤሌክትሮኖቹ ብቻቸውን አይደሉም። የመዳብ አተሞቹ ፖዘቲቭ ቻርጅ የኤሌክትሮኖቹን ኔጌቲቭ ቻርጅ ስለሚያጣፋው የኤሌክትሪኩ መገፋፋት ከሞላ ጎደል ይጠፋል፤ የሚቀረው ከእንቅስቃሴው የሚመነጨው መግነጢሳዊ ኃይል ብቻ ነው። ኤሌክትሮኖቹ በአማካይ የሚጓዙት በሰከንድ ከሚሊሜትር በታች ቢሆንም ብዛታቸው እጅግ ከፍተኛ ስለሆነ ይህ ቀሪ ኃይል በሚዛን ሊለካ ይችላል። አንደኛው ሽቦ በዙሪያው የክብ ቅርጽ ያለው መግነጢሳዊ መስክ ይፈጥራል፤ ሁለተኛው ሽቦ በዚያ መስክ ውስጥ ስለሚገኝ ፍሰቶቹ ወደ አንድ አቅጣጫ ከሆኑ ወደ አንደኛው ይሳባል፣ በተቃራኒ አቅጣጫ ከሆኑ ይገፋል። አንድሬ ማሪ አምፔር ይህን በ1820 (እ.ኤ.አ.) በሙከራ አሳይቷል።

ጥያቄ (የፊዚክስ መምህር)፦ የቀድሞው ትርጓሜ አንድ አምፔር ማለት ማለቂያ በሌላቸው ሁለት ትይዩ ሽቦዎች ውስጥ ሲያልፍ፣ በአንድ ሜትር ርቀት፣ በእያንዳንዱ ሜትር ርዝመት 2×10⁻⁷ ኒውተን ኃይል የሚፈጥር ፍሰት ነው ይላል። ይህ ቁጥር ከየት መጣ? ማለቂያ የሌለው ሽቦስ ለምን አስፈለገ?

መልስ፦ ቁጥሩ ከተፈጥሮ የተገኘ ሳይሆን ሰዎች የመረጡት ነው። በሴንቲሜትር፣ በግራምና በሰከንድ ላይ በቆመው የቀድሞ የመለኪያ ሥርዓት የፍሰት አሃድ የተወሰነው በሽቦዎቹ መካከል ባለው ኃይል ነበር፤ በ1881 (እ.ኤ.አ.) ፓሪስ ላይ የተሰበሰበው ጉባኤ ለሥራ እንዲመች የዚያን አሃድ አንድ አሥረኛ አምፔር ብሎ ሰየመው። በ1948 (እ.ኤ.አ.) ትርጓሜው በሜትርና በኒውተን ሲጻፍ አምፔሩ መጠኑን ሳይቀይር እንዲቀጥል ስለተፈለገ 2×10⁻⁷ የግድ ሆነ። ቀመሩ ይህ ነው፦

F/L = μ₀ I₁ I₂ / (2π d)

F በL ርዝመት ላይ ያለው ኃይል፣ I₁ እና I₂ ሁለቱ ፍሰቶች፣ d በሽቦዎቹ መካከል ያለው ርቀት፣ μ₀ ደግሞ የባዶ ቦታ መግነጢሳዊ ቋሚ ቁጥር ነው። በዚህ ውስጥ 1 አምፔር፣ 1 አምፔርና 1 ሜትር ብናስገባ ውጤቱ 2×10⁻⁷ እንዲሆን μ₀ በትክክል 4π×10⁻⁷ መሆን አለበት፤ ስለዚህ የ1948ቱ ትርጓሜ አምፔርን ሲወስን ሳይናገር μ₀ንም ወስኗል።

ማለቂያ የሌለው ሽቦ ያስፈለገው ጫፎች ስሌቱን ስለሚያበላሹ ነው። ፊት ለፊት የቆሙ፣ ርዝመታቸው L የሆነ ሁለት ቀጥተኛ ሽቦዎች ኃይል የሚገኘው ከላይ ያለውን ውጤት በ √(1+(d/L)²) − d/L በማባዛት ነው። አንድ ሜትር ርዝመት ያላቸውን ሽቦዎች በአንድ ሜትር ርቀት ብናቆም ይህ ማባዣ 0.41 ያህል ይሆናል፤ ማለትም ትርጓሜው የሚለው ኃይል ግማሹ እንኳ አይገኝም። ሙሉው 2×10⁻⁷ ኒውተን ቢገኝ ራሱ ከአንድ ሚሊግራም ሃምሳኛ ክብደት አይበልጥም። በዚህ ምክንያት ትርጓሜው እንደተጻፈ በቀጥተኛ ሽቦ አልተለካም፤ ቤተ ሙከራዎች ኃይሉን ለማብዛት የተጠቀለሉ ሽቦዎችን በሚዛን ላይ አንጠልጥለው ሠሩ፣ ያም ሆኖ ትክክለኛነታቸው ከሚሊዮን ጥቂት ክፍሎች አላለፈም።

ጥያቄ፦ እኔ 30 ሳንቲ ሜትር የሆኑ ሁለት የአሉሚኒየም ፎይል ቁራጮችን ቀጥ አድርጌ ሰቅዬ፣ በ1 ሳንቲ ሜትር ርቀት 5 አምፔር ለአጭር ጊዜ አሳለፍሁባቸው። ተንቀሳቀሱ፤ ግን ሁለቱም ወደ አንድ ጎን ነው ያዘነበሉት። ምን ማለት ነው?

መልስ፦ ቀጫጭን ሽቦ ናቸው ብለን ብናሰላ ኃይሉ 2×10⁻⁷ × 25 × 0.3 ÷ 0.01፣ ማለትም 1.5×10⁻⁴ ኒውተን ነው፤ የጫፎቹ ማረሚያ ከዚህ ላይ 3 በመቶ ያህል ይቀንሳል። ይህ ከ15 ሚሊግራም ክብደት ጋር ስለሚመጣጠን ላላ ብሎ የተሰቀለ ፎይልን ለማንቀሳቀስ ይበቃል። ፎይሉ ሰፋ ያለ ከሆነ ግን ቀመሩ ግምት እንጂ ልክ አይሆንም።

ያዘነበሉበትን ምክንያት በተመለከተ እኔ የምጠረጥረው የምድርን መስክ ነው። በ1 ሳንቲ ሜትር ርቀት የ5 አምፔር ፍሰት የሚፈጥረው መስክ 100 ማይክሮቴስላ ሲሆን የምድር መስክ እንደ ቦታው ከ25 እስከ 65 ማይክሮቴስላ ገደማ ስለሆነ ሊናቅ አይችልም። ፍሰቶቹ ወደ አንድ አቅጣጫ ሲሆኑ ምድር ሁለቱንም ወደ አንድ ጎን ትገፋቸዋለች፤ የእርስዎ ምልከታ ከዚህ ጋር ይስማማል። ለማረጋገጥ የሁለቱንም ፍሰት አቅጣጫ በአንድ ጊዜ ይገልብጡ። የእርስ በርሳቸው ኃይል I₁ እና I₂ ስለሚባዙ ሳይለወጥ ይቀራል፣ የምድር ግፊት ግን ወደ ሌላው ጎን ይዞራል። ዝንባሌው ካልዞረ ምናልባት ከፎይሉ መሞቅ የተነሣ የአየር እንቅስቃሴ ይሆናል፤ ከዚህ ሆኜ መለየት አልችልም።

ጥያቄ (የኤሌክትሪክ ባለሙያ)፦ በትልቅ ፓነል ውስጥ ሾርት ከተፈጠረ በኋላ ፍሰት የሚያከፋፍሉት ወፍራም ዘንጎች፣ ባስባሮቹ፣ ተጣምመው አገኘኋቸው። ሙቀቱ ነው አይደል? ደግሞ በተለዋዋጭ ፍሰት አቅጣጫው ስለሚገለባበጥ ኃይሉ ራሱን አያጣፋም?

መልስ፦ ሙቀት ብቻ አይመስለኝም። በ10 ሳንቲ ሜትር የተራራቁ ሁለት ባስባሮች 20,000 አምፔር ቢያልፍባቸው በየሜትሩ 800 ኒውተን ይደርስባቸዋል፤ ይህ ከ80 ኪሎ ግራም ክብደት ጋር የሚመጣጠን ነው። በሾርቱ መጀመሪያ ላይ ከፍተኛው ቅጽበታዊ ፍሰት ከዚህ ቁጥር ከሁለት እጥፍ በላይ ሊሆን ስለሚችል፣ 50,000 አምፔር ብንወስድ ኃይሉ በየሜትሩ 5,000 ኒውተን ይሆናል፤ ኃይሉ በፍሰቱ ካሬ ስለሚያድግ እጥፍ ፍሰት አራት እጥፍ ኃይል ማለት ነው። ሁለተኛው ጥያቄዎ ላይ፣ በሂያጅና በመላሽ ሽቦ ሁለቱ ፍሰቶች አብረው ስለሚገለበጡ ውጤታቸው ምልክቱን አይቀይርም። ኃይሉ ሁልጊዜ መገፋፋት ሆኖ በፍሰቱ ድግግሞሽ ሁለት እጥፍ ከፍ ዝቅ ይላል። በሦስት ፌዝ ግን ፍሰቶቹ በአንድ ጊዜ ስለማይገለበጡ ስሌቱ ይለያል።

ጥያቄ (ከተከታተሉ አንዱ)፦ አምፔር ከ2019 ጀምሮ በኤሌክትሮን ቻርጅ ተተርጉሟል። ታዲያ የሽቦው ቀመር ተሽሯል ማለት አይደለም?

መልስ፦ የተሻረው ትርጓሜው ነው፣ ቀመሩ አይደለም። ከግንቦት ወር 2019 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የኤሌክትሮን ቻርጅ በትክክል 1.602176634×10⁻¹⁹ ኩሎምብ ተብሎ ተቆርጧል፣ አምፔርም ከዚያ ይገኛል። በምላሹ μ₀ በውሳኔ የቆመ ቁጥር መሆኑ ቀርቶ የሚለካ ቁጥር ሆኗል። ስለዚህ በአንድ ሜትር የተራራቁ ሽቦዎች ኃይል «በትክክል» 2×10⁻⁷ ነው ማለት አይቻልም፤ ልዩነቱ ቢኖርም ከቢሊዮን አንድ ክፍል ስለማይሞላ ለመማሪያ ክፍልም ለፓነልም ምንም ለውጥ የለውም። የቁጥሩ መጨረሻ ግን ገና አልተቋጨም። μ₀ የሚሰላው የኤሌክትሮመግነጢሳዊ ኃይልን ጥንካሬ ከሚገልጸው፣ ፋይን ስትራክቸር ከሚባለው ቋሚ ቁጥር ነው፤ በ2018 ካሊፎርኒያ ውስጥ በሲዚየም አተሞች፣ በ2020 ደግሞ ፓሪስ ውስጥ በሩቢዲየም አተሞች የተደረጉት ሁለት ልኬቶች በዚህ ቋሚ ላይ የሚለያዩት ሁለቱም ከገለጹት የስሕተት ወሰን አምስት እጥፍ በሚበልጥ መጠን ነው። ከሁለቱ የትኛው እንደሚታረም ገና አልተወሰነም።