በፎቶ ጠርዝ የተቆረጡ ጣቶችን ስለ መሙላት

«የሙሽራዋ ጣቶች በፎቶው የታችኛው ጠርዝ ተቆርጠዋል። በፎቶሾፕ Generative Expand ሳሰፋው ስድስት ጣት ያወጣልኛል። ምን ላድርግ?»

ጤና ይስጥልኝ። ማስፋቱንና ጣቶቹን መሙላቱን ለየብቻ ያድርጓቸው። በ Crop መሣሪያ የታችኛውን ጠርዝ ጣቶቹ ሊደርሱበት ከሚችሉበት ቦታ ጥቂት ብቻ አሳልፈው ይሳቡና ቦታውን ባዶ ይተዉት፤ ከዚያ በ Lasso ባዶውን ቦታ ከሚታየው ጣት ጥቂት ጋር መርጠው Generative Fill ይጠቀሙ።

ወሳኙ የምርጫው ልክ ነው። እኔ በሠራሁት ተመሳሳይ ፎቶ አራት ጣቶች እስከ መካከለኛው አንጓ ድረስ ይታዩ ነበር፤ አውራ ጣቱን አበባው ሸፍኖታል። መጀመሪያ እጁን በሙሉ ስለመረጥኩት ፕሮግራሙ የነበሩትን ጣቶች ጭምር እንደ አዲስ ሠርቶ አምስተኛ ጨመረባቸው። ምርጫውን ከአንጓው ጀምሮ ወደ ታች ስገድበው ግን እያንዳንዱ ጣት ከራሱ ጉቶ ቀጠለ። ምርጫው ልክ ጠርዙ ላይ ቢያበቃ ደግሞ ቆዳው ላይ መስመር ሊቀር ይችላል።

ውጤቱን በ100% አጉልተው ይመልከቱ፤ አዲሱ ቆዳ ከዋናው ይልቅ የለሰለሰ ከሆነ በ Add Noise ጥቂት ነጠብጣብ ይጨምሩበት። የተቆረጠው ክፍል ቀለበት ወይም ሂና ከነበረበት ግን ፕሮግራሙ የሚያወጣው የፈጠራ ነውና፣ በዚያው ዕለት ከተነሣ ሌላ ፎቶ እውነተኛውን እጅ ወስደው ቢያጣብቁ ይሻላል፤ ሙሽራዋ የራሷን እጅ ታውቃለች።