የኮምፒውተሩ ቁጥርና የመደርደሪያው ቁጥር

«ለሱቄ በዩኤስቢ የሚሰካ የባርኮድ ስካነር ገዛሁ። ከካርቶኑ ውስጥ ሲዲ አልወጣም። ሻጩ ፕሮግራሙን አስቀርቶብኝ ይሆን?» (ከአዳማ)

አላስቀረብዎትም። ለኮምፒውተሩ ይህ ስካነር ሁለተኛ ኪቦርድ ነው፤ ያነበበውን ቁጥር በፍጥነት ይተይባል፣ ከዚያ ያለፈ ዕውቀት የለውም። የዕቃው ስምና ዋጋ የሚወጣው ከሽያጭ ፕሮግራሙ መዝገብ ነው። ለመፈተን ኖትፓድ ይክፈቱና የአንድ ብስኩት ባርኮድ ያስነብቡት። ቁጥሩ ተጽፎ ጠቋሚው ወደ ቀጣዩ መስመር ከወረደ ስካነሩ ለሥራ ዝግጁ ነው። ካልወረደ ከቁጥሩ በኋላ Enter አይልክም ማለት ነው። እንዲህ ከሆነ መመሪያው ወረቀት ላይ Enter ወይም CR የሚል ጽሑፍ ያለበትን ባርኮድ ፈልገው አንድ ጊዜ ያስነብቡት።

አንድ ነገር ልብ ይበሉ፦ የአማርኛ መጻፊያው በርቶ ከቆየ፣ በውስጣቸው የላቲን ፊደል ያለባቸው ባርኮዶች በግዕዝ ፊደል ይወጡና ፕሮግራሙ «ዕቃው አልተገኘም» ይላል። በዚህ ምክንያት ደህና ስካነር ተበላሸ ተብሎ ወደ ሻጩ ሲመለስ አይቻለሁ።

«የዕቃዎቼን ዝርዝር በኤክሴል አዘጋጅቼ ወደ ፕሮግራሙ አስገባሁ። አሁን ስካነሩ አንዱንም ዕቃ አያገኝም። ዝርዝሩን ስከፍተው የባርኮዱ ዓምድ በሙሉ 6.29E+12 ይላል።» (ከሐዋሳ)

ኤክሴል ባርኮዱን እንደ ብር ቁጥር ቆጥሮታል። ረጅም ቁጥር ሲያይ ያሳጥራል፣ በ0 ለሚጀምረው ደግሞ 0ዋን ይጥልለታል። ፋይሉ ኤክሴል ሆኖ እስካለ ድረስ ሙሉው ቁጥር ከበስተኋላ አለ። በCSV ሲያስቀምጡት ግን የሚቀመጠው የሚታየው ነው፤ 6.29E+12 ተብሎ ከተቀመጠ የቀሩት አሃዞች ጠፍተዋል፣ መልሶ የሚያወጣቸው ዘዴ የለም። ዋናው የኤክሴል ፋይል ካለዎት ዓምዱን Number በሚለው ያለ ነጥብ አድርገው እንደገና ያስቀምጡ፤ የወደቁትን 0ዎች በእጅ ይመልሱ። ከሌለዎት ባዶ ዓምድ ይምረጡ፣ አስቀድመው Text ያድርጉት፣ ከዚያ ስካነሩን ይዘው በመደርደሪያው ዙሪያ ይሂዱ። ለ400 ዓይነት ዕቃ ከግማሽ ቀን ብዙም አይበልጥም፤ ቁጥሩን በጣት ከመተየብም ይሻላል።

«ሦስት ዓይነት ሳሙና እሸጣለሁ፤ ዋጋቸው አንድ ነው። ኮምፒውተሩ የሎሚው 7፣ የጽጌረዳው 40፣ የእሬቱ 35 ቀርቷል ይላል። ቆጥሬ ያገኘሁት ግን 31፣ 22 እና 29 ነው። የዕለቱ ገንዘብ ሁልጊዜ ልክ ነው። ሠራተኛዬን ልጠርጥር?» (ከባሕር ዳር)

ከመጠርጠርዎ በፊት ይደምሩ። የኮምፒውተሩ ድምር 82 ነው፤ የመደርደሪያውም 82። አንድም ሳሙና አልጠፋም። የሎሚው 24 ተርፏል፣ የጽጌረዳው 18፣ የእሬቱ 6 ጎድሏል፤ 18 እና 6 ደግሞ 24 ነው።

የሆነው እንዲህ ይመስለኛል። ደንበኛ ሦስት ሳሙና ቀላቅሎ ይዞ ይመጣል። ሠራተኛዋ ከላይ ያለውን የሎሚ ሳሙና ታስነብብና ብዛቱን 3 ትላለች፣ ወይም እሱኑ ሦስት ጊዜ ታስነብበዋለች። ዋጋው እኩል ስለሆነ ሒሳቡ አይዛነፍም፤ ገንዘቡ ልክ የሆነልዎትም ለዚህ ነው። መዝገቡ ግን ሦስት የሎሚ ሳሙና ተሸጠ ብሎ ይቀንሳል። ትንሽ ቆይቶ የሎሚው ከዜሮ በታች ወርዶ −5 ሲል ያዩታል፤ እርስዎም «አልቋል» ብለው ሌላ ካርቶን ያዝዛሉ፣ የጽጌረዳው ግን መደርደሪያው ላይ ሲያልቅ ኮምፒውተሩ አለ ይልዎታል። መፍትሔው አንድ ትእዛዝ ነው፦ ብዛት የሚጻፈው ሽታው አንድ ዓይነት ሲሆን ብቻ፤ ሌላው እያንዳንዱ ይነበብ።

ድምሩ ባይገጥም ኖሮ ቀጥሎ የማየው የጎደለውን ወይም የተረፈውን ቁጥር ራሱን ነበር። ካርቶኑ 24 ፍሬ ከያዘና መደርደሪያው ላይ 23 ከተረፈ፣ ዕቃ ሲገባ «1 ካርቶን» የሚለው «1 ፍሬ» ተብሎ ተመዝግቧል። 46 ከሆነ ሁለት ካርቶን እንዲሁ ሆኗል። ስለዚህ ፕሮግራሙ ካርቶንን በፍሬ የመመንዘር አሠራር ካለው ይሙሉት፤ ከሌለው ሁሉም ዕቃ በፍሬ ብቻ ይመዝገብ። የካርቶኑ ባርኮድ ከፍሬው የተለየ ስለሆነ በፍሬው ስም እንዳይመዘግቡት።

ለቆጠራውም ሰዓት ይምረጡለት። ጠዋት ሱቁ ሳይከፈት ቢሆን ጥሩ ነው፤ የትናንት ግዢ ወረቀት ሁሉ ከገባ በኋላ፣ መብራት ሲጠፋ በደብተር የተሸጠውም ከተመዘገበ በኋላ። ደብተሩ ሳይገባ ቆጥረው መዝገቡን ካስተካከሉ፣ ከሰዓት በኋላ ያ ሽያጭ ሲገባ ያንኑ ዕቃ ሁለተኛ ይቀንሳል። የሚቆጥረው ሰው የኮምፒውተሩን ቁጥር አይቶ አይሂድ፤ 40 የሚል አንብቦ የሄደ ሰው 38 ሲያገኝ እንደገና ሳይቆጥር 40 ብሎ ይጽፋል። እኔም አድርጌዋለሁ።

«ሽሮና በርበሬ አሽገን እንሸጣለን። ባርኮድ ከየት እናምጣ?» (ከአዲስ አበባ)

ከሱቅዎ ውጭ የማይሸጡት ከሆነ ከማንም መግዛት የለብዎትም። በዓለም አቀፉ የ13 አሃዝ ባርኮድ አሠራር ከ200 እስከ 299 የሚጀምሩት ለየሱቁ የውስጥ አገልግሎት የተተዉ ናቸው። 200000000001 ብለው ይጀምሩ። 13ኛዋ አሃዝ መፈተሻ ናት፦ ከግራ 2ኛ፣ 4ኛ እያሉ ያሉትን አሃዞች በ3 አባዝተው ከሌሎቹ ጋር ይደምሩ። እዚህ 2 ሲደመር 3፣ 5 ይሆናል፤ ወደሚቀጥለው የ10 ብዜት፣ እዚህ ወደ 10፣ ለመድረስ 5 ይጎድላል። ስለዚህ ሙሉው 2000000000015 ነው። መለያ የሚያትሙ ፕሮግራሞች አብዛኛውን ጊዜ ራሳቸው ያሰሉታል። የግማሽ ኪሎውና የአንድ ኪሎው ቁጥር ይለያይ። ክምችቱን ደግሞ ከታሸገ በኋላ ይመዝግቡ፤ ከ100 ኪሎ ጆንያ 100 ከረጢት አይወጣም፣ የሚተንና የሚፈስስ አለ።

«ፕሮግራሙ ደረሰኝ ያትማል። ካሽ ሬጅስተሩን ልተወው?» (ከጅማ)

አይተዉት። በሕግ እንዲጠቀሙ ከታዘዙት አንዱ ከሆኑ፣ የግብር ባለሥልጣኑ ካልፈቀደው መሣሪያ የወጣ ወረቀት ለእርስዎ ማስታወሻ እንጂ ሕጋዊ ደረሰኝ አይደለም። ፕሮግራም ከመግዛትዎ በፊት ሻጩ ከመሣሪያዎ ጋር አገናኝቶ አንድ ሽያጭ እንዲቆርጥ ያድርጉ፤ «ይገናኛል» የሚል ቃል አይበቃም። ካልተገናኙ በሁለቱም መምታት ግድ ነው። እንዲህ ሲሆን ማታ ማታ የዜድ ሪፖርቱን ድምር ከፕሮግራሙ የዕለት ሽያጭ ጋር ያስተያዩ፤ ልዩነት ከመጣ ያንኑ ዕለት ይፈልጉት፣ ከሳምንት በኋላ የትኛው ሽያጭ እንደተዘለለ የሚያስታውስ ሰው አይገኝም።