«ሳይገባኝ ብቀበልስ?» የቁርባን ካርዶች ለማጽኛ ትምህርት ክፍል

ጥያቄ፦ መምህር፣ ጌታ ይባርክዎት። እዚህ ጅማ በመካነ ኢየሱስ ማኅበረ ምእመናናችን ለማጽኛ ትምህርት ልጆች ስለ ቅዱስ ቁርባን የጥያቄና መልስ ካርዶች እያዘጋጀሁ ነው። በአንዱ ካርድ ላይ «ሳይገባው የሚበላና የሚጠጣ ለራሱ ፍርድ ይበላል» የሚለውን ጻፍሁ። አንዲት የ15 ዓመት ተማሪ ይህን ካነበበች በኋላ ከክፍል ጓደኛዋ ጋር ስለተጣላች እንደማትቀበል ነገረችኝ። ካርዱን ላውጣው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ካርዱን አታውጣው፤ ነገር ግን ጥቅሱን ብቻውን አትተወው። አንድ ቍጥር ከምዕራፉ ተነጥሎ በትንሽ ወረቀት ላይ ሲቀመጥ ልጆችን ያስፈራል እንጂ አያስተምርም። ልጅቷ የፈራችው ቃሉን ስላከበረች ነው፤ ይህን ፍርሃቷን አትናቅባት።

ጳውሎስ ያን ቃል ለማን እንደ ጻፈ በካርዱ ጀርባ አስፍር። በ1ኛ ቆሮንቶስ 11፥21 «አንዱም ይራባል አንዱ ግን ይሰክራል» ይላል። በቆሮንቶስ ያላቸው ቀድመው በልተው ይጠግባሉ፣ የሌላቸው ግን ይራባሉ፤ በዚህም ድሆቹ ያፍራሉ። ልጆቹ እንዲገባቸው፣ ቡና ሲለቅም ውሎ አምሽቶ ወደ ድግስ የመጣ የቀን ሠራተኛ ባዶ መሶብ ሲጠብቀው አስቡ በላቸው። ጳውሎስን ያስቆጣው ይህ ነው፤ በአንድ ጌታ ማዕድ ዙሪያ ወንድምን መናቅ። መፍትሔውንም በቍጥር 33 ላይ ሲሰጥ ከማዕዱ ራቁ አላለም፤ «እርስ በርሳችሁ ተጠባበቁ» አለ። በቍጥር 28 ደግሞ «ሰው ግን ራሱን ይፈትን፥ እንዲሁም ከእንጀራው ይብላ ከጽዋውም ይጠጣ» ይላል። ራስን መፈተን ወደ ማዕዱ የሚያቀርብ መንገድ ነው፤ ልጆቻችን ግን ብዙ ጊዜ ከማዕዱ የሚያስቀር አድርገው ይሰሙታል። ስለ ፍርዱም ቢሆን ቍጥር 32 ከዓለም ጋር እንዳንኰነን ጌታ እንደሚገሥጸን ይናገራል፤ ይህ የአባት ተግሣጽ ነው።

እንግዲህ ካርዱን እንዲህ ብታደርገው ደስ ይለኛል።

ጥያቄ፦ ቅዱስ ቁርባንን ተገቢ ሆኖ የሚቀበል ማን ነው?
መልስ፦ «ስለ እናንተ የተሰጠ»፣ «ለኃጢአት ይቅርታ የፈሰሰ» የሚለውን የክርስቶስን ቃል ለእኔ ነው ብሎ የሚያምን።

ይህ ከራሴ ያመጣሁት አይደለም፤ ማርቲን ሉተር እ.ኤ.አ. በ1529 ባወጣው ትንሹ ካቴኪዝም ስለ ቁርባን የሚያስተምረው ትምህርት ፍሬ ነገር ነው። እዚያው ጾምና የሥጋ ዝግጅት መልካም ውጫዊ ልማድ እንደ ሆነ ይናገራል። ኦርቶዶክሳዊ ጎረቤቶቻቸው ከቁርባን በፊት ሲጾሙ የሚያዩ ልጆች ስለዚህ ጉዳይ መጠየቃቸው አይቀርም። በአክብሮት መልስላቸው፤ የሚጾም ይጹም፣ ነገር ግን ተገቢ የሚያደርገን የክርስቶስን ቃል ማመናችን ነው።

ጌታ ቅዱስ ቁርባንን ባቆመባት ምሽት ጴጥሮስ በማዕዱ ነበረ። በሉቃስ 22 ጌታ እንጀራውንና ጽዋውን ከሰጠ በኋላ ነው «ሦስት ጊዜ ትክደኛለህ» ብሎ የነገረው። የሚክደውን ሰው እያወቀ በማዕዱ አስቀመጠው። ለአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ የለኝም።

አሁን ወደ ልጅቷ እንምጣ። ማቴዎስ 5፥23-24 ወንድምህ የሚያዝንብህ ነገር እንዳለ ብታስብ መባህን ትተህ ሂድና ታረቅ፣ ከዚያም መጥተህ አቅርብ ይላል። ስለዚህ ከእሑድ በፊት ወደ ጓደኛዋ ትሂድ። «በክፍል ውስጥ ሰው ፊት ስላዋረድሁሽ ይቅርታ» እንደማለት፣ ያደረገችውን በስሙ ትጥራ፤ «የሆነ ነገር ካስቀየምሁሽ» ማለት ግን እርቅ አይደለም። ጓደኛዋ አልታረቅም ብትልስ? ሮሜ 12፥18 «ቢቻላችሁስ በእናንተ በኩል ከሰው ሁሉ ጋር በሰላም ኑሩ» ይላል። የራሷን ድርሻ ከተወጣች እሑድ ትቅረብ፤ የሌላይቱ እንቢታ ከጌታ ማዕድ አያግዳትም። የሚያግደው «ይቅር አልልም፣ ይቅርታም አልጠይቅም፣ ቂሜን ይዤ እኖራለሁ» ብሎ መወሰን ነው። ከኃጢአት ጋር እየታገለ የሚወድቅ ልጅና ኃጢአቱን ለመያዝ የቆረጠ ልጅ እጅግ ይለያያሉ፤ ካርድህ ሁለቱን አንድ እንዳያደርግ ተጠንቀቅ።

ካርዱ መሥራቱን በቃል በማነብነባቸው አትለካ። «ታናሽ ወንድምህ ዛሬ ለምን ትቀበላለህ ብሎ ቢጠይቅህ ምን ትለዋለህ?» በላቸው። «ጥሩ ልጅ ስለሆንሁ» የሚል መልስ ከሰማህ ትምህርቱን እንደገና ጀምር።

ምናልባት ልጅቷን የሚከብዳት ከጠብ ያለፈ ነገር ይኖር ይሆናል። እንደዚያ ከመሰለህ በክፍል ፊት አታናግራት፣ ምን እንደ ሆነም አትጎትጉታት። ቄሱን ለብቻዋ ማነጋገር፣ ኃጢአቷን መናዘዝና የይቅርታን ቃል በጆሮዋ መስማት እንደምትችል ንገራት፤ ቀኑንም እርሷ ትምረጥ።