5/2 ኦድ ስንት ነው?

ጥያቄ፦ «የእንግሊዝ ድረ ገጽ ላይ 5/2 የሚል ኦድ አየሁ። እኛ ጋ ያለው 2.50 ማለት ነው? በፐርሰንትስ ስንት ነው?»

መልስ፦ አይደለም፣ 3.50 ነው። 5/2 የሚነግርህ ትርፉን ብቻ ነው። 2 ብር ብታስይዝ 5 ብር ታተርፋለህ። በነጥብ የሚጻፈው ኦድ ግን ያስያዝከውንም ብር ይጨምራል። ስለዚህ 5ን ለ2 አካፍልና 1 ደምርበት።

ወደ ፐርሰንት ለመቀየር 1ን ለ3.50 አካፍለህ በ100 አባዛ፤ 28.6 ይመጣል። በክፍልፋዩ ከሆነ የታችኛውን ቁጥር ለሁለቱ ድምር ታካፍላለህ፤ 2 ለ7፣ ያው ነው። 2.50 ብለህ ብታነበው ግን 40 ፐርሰንት ይሆንብሃል። እ.ኤ.አ. በ2015 ሌስተር ሲቲ የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ዋንጫ እንዲበላ 5000/1 ተሰጥቶት ነበር፣ 0.02 ፐርሰንት ገደማ መሆኑ ነው። ደግሞም በላ!

ብቻ 28.6ን እንደ እውነተኛ ዕድል አትውሰደው። የጨዋታውን ሦስቱንም ኦዶች ቀይረህ ደምር። ለምሳሌ 2.10፣ 3.40 እና 3.50 ቢሆኑ 47.6፣ 29.4 እና 28.6 ይሆናሉ፤ ድምሩ 105.6። ከመቶ ያለፈችው 5.6 የአወራራጁ ድርሻ ናት። እሷን ለማውጣት 28.6ን ለ105.6 አካፍለህ በ100 አባዛ፤ 27.1 ፐርሰንት ገደማ ይቀርሃል።