መጀመሪያ የደረሰውና መጨረሻ የደረሰው

ልጆቼ፣ የሥራ ዘመኔን ያሳለፍሁት በባንክ ብድር ክፍል ነው። ደመወዝ የጀመራችሁ ወጣቶች «እቁብ ልግባ ወይስ ባንክ ላስቀምጥ?» ስትሉኝ እኔም መልሼ እጠይቃችኋለሁ፦ ዕጣው በስንተኛው ዙር ቢደርሳችሁ ነው የምትፈልጉት? እቁብ ቀድሞ ለደረሰው ብድር፣ ዘግይቶ ለደረሰው ቁጠባ ነውና።

12 ሰዎች በየወሩ 2,000 ብር ይጣሉ እንበል። በየወሩ አንዱ 24,000 ብር ይወስዳል። የመጀመሪያው ባለዕጣ የራሱ መዋጮ ሲቀነስ 22,000 ብር ያለወለድ ተበደረ ማለት ነው፤ በቀሪዎቹ 11 ወራት ይከፍለዋል። ይህንኑ ገንዘብ በዓመት 18 በመቶ ወለድ ከባንክ ወስዶ በየወሩ 2,000 ብር ዋናውን ቢመልስ፣ በድምሩ 1,980 ብር ወለድ ይከፍል ነበር። መጨረሻ የደረሰውስ? መዋጮውን በዓመት 6 በመቶ በሚያስገኝ ሒሳብ ቢያስቀምጠው ኖሮ ያገኝ የነበረው ወለድ 660 ብር ነው። ያጣው እሱን ነው። የዋጋ ንረት ካለ ደግሞ 24,000 ብሩ እጁ ሲገባ የመግዛት አቅሙ ቀንሶ ይጠብቀዋል።

አንዱ ያተረፈው ሌላው ካጣው በ1,320 ብር መብለጡን ልብ በሉ። ባንኩ ከዚህ ልዩነት ላይ ነው የሠራተኛውን ደመወዝ፣ ተበዳሪውን የማጣራት ወጪና ሳይመለስ የሚቀርን ብድር ኪሳራ የሚሸፍነው። በእቁብ ይህን ሥራ አባላቱ ራሳቸው በመተዋወቅ ይሠሩታል። ገንዘቡ በማኅበሩ ውስጥ የሚቀረው ለዚህ ነው፤ ትውውቁ ከላላ ግን ኪሳራውም በእነርሱ ላይ ይወድቃል።

የመጀመሪያው ባለዕጣ ሦስት ጊዜ ከፍሎ ቢጠፋ 18,000 ብር ይጎድላል፤ ከአራተኛው ዙር ጀምሮ የሚደርሰው ገንዘብ 22,000 ብር ብቻ ይሆናል። ባንክ ለእንዲህ ያለ ጉድለት ካፒታልና መጠባበቂያ አለው፤ እቁብ የለውም። ይበልጥ የምፈራው የሚከተለውን ነው። ሌሎች ቀድመው የወሰዱ አባላት የጠፋው ሰው ምንም እንዳልሆነ ሲያዩ እነርሱም መዋጮ ማዘግየት ይጀምራሉ። ምልክቱ ይኸው ነው፦ ገና ያልደረሳቸው በቀኑ ሲከፍሉ የደረሳቸው ሲያጓትቱ ካያችሁ፣ ዳኛው የሚቀጥለው ዕጣ ከመውጣቱ በፊት ወደ ዋሱ እንዲሄድ ጠይቁ።

ስለዚህ ስትገቡ ሁለት ነገር ተስማሙ። አዲስና በቅጡ የማይታወቅ ሰው የመጨረሻውን ዙር ይያዝ፤ በዚያ ቦታ የእናንተ ባለዕዳ አይሆንም። ዕጣ የደረሰው ሁሉ ገንዘቡን ከመረከቡ በፊት የቀረበትን ዕዳ መሸከም የሚችል ዋስ ያስፈርም። በስድስተኛው ዙር የሚወስድ ሰው ዕዳው 12,000 ብር፣ በአሥራ አንደኛው 2,000 ብር ብቻ ስለሆነ፣ ከፊተኞቹ ጠንከር ያለ ዋስ፣ ከኋለኞቹ ቀለል ያለ መጠየቅ ትችላላችሁ።