ከስምንት ሦስት እጅ፣ ከመቶ ስንት እጅ?

ጥያቄ፦ ልጄ አምስተኛ ክፍል ናት። 3/8ን «ሦስት ስምንተኛ» ብላ ታነባለች፤ እኔ የለመድኩት «ከስምንት ሦስት እጅ» ነው። ወደ መቶኛ ስትለውጠው 37.4 ይመጣላታል፤ የመልስ ቁልፉ ግን 37.5 ይላል። ደግሞስ «በመቶ» ነው «ከመቶ»? 0.375ስ እንዴት ይነበባል?

መልስ፦ ከ37.4 ልጀምር፤ ስሌቱ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው የተበላሸው በንባብ ምክንያት ነውና። ልጅዎ ሦስትን በመቶ አባዝታ 300 አገኘች። 300ን ለስምንት ስታካፍል 37 ደረሰና 4 ተረፈ። እስከዚህ ድረስ አንድም እንከን የለም። ቀጥላ ግን የተረፈውን 4 እንዳለ ከነጥቡ ኋላ አስቀመጠችው። ከነጥብ በኋላ የሚመጣው የመጀመሪያው አኃዝ ሁልጊዜ «ከአሥር» ማለት ነው፤ የልጅዎ 4 ደግሞ ገና ለስምንት ያልተካፈለ ቀሪ ነው፤ ከስምንት አራት ማለት ነው። ከስምንት አራት እኩሌታ ነው፤ እኩሌታም በአሥር ሲቆጠር አምስት ይሆናል። በጽሑፍ ሲሠራ ለቀሪው 4 ዜሮ ይጨመርለትና 40 ለስምንት ሲካፈል 5 ይደርሳል፤ የሚተርፍም የለም። ስለዚህ 37.5።

እዚህ ላይ አማርኛችን ራሱ መልሱን ይዞ ቆሟል። 37.5ን ገበያ ላይ «ሠላሳ ሰባት ተኩል» እንለዋለን። «ተኩል» ውስጥ ያለችው «ተ» በአንዳንድ አካባቢ እስካሁን በ«ከ» ፋንታ የምትነገረዋ «ተ» ናት፤ ቀሪው «እኩል» ነው። «እኩለ ሌሊት» እና «እኩለ ቀን» ላይ እንደምናየው «እኩል» ግማሽ ነው። ስለዚህ «ሠላሳ ሰባት ተኩል» ማለት ሠላሳ ሰባት ከግማሽ ማለት ነው፤ «ሁለት ሰዓት ከሩብ» እንደምንለው መሆኑ ነው። ልጅቱ ቀሪውን 4 አይታ «ከስምንቱ እኩሌታው» ብትል ኖሮ ነጥብ አራት የሚባል ነገር አይመጣባትም ነበር።

አሁን ወደ እርስዎ «እጅ»። በቁጥር ቤት «እጅ» እኩል የሆነ ድርሻ ነው፤ «ከስምንት ሦስት እጅ» ሲባል አንዱ ነገር ስምንት እኩል ቦታ ተከፍሎ ሦስቱ ተወሰደ ማለት ነው። «ሦስት እጅ ይበልጣል» ስንል ደግሞ «እጅ» ማባዛትን ስለሚያሳይ፣ ቃሉ አሻሚ ነውና ከሒሳብ ቋንቋ ይውጣ የሚሉ አሉ። አልስማማም። ከፊቱ «ከስምንት»፣ «ከመቶ» የሚል ካለ ድርሻ ነው፤ ከሌለ ዕጥፍ ነው። ይህን የሚያምታታ ተናጋሪ የለም። የአነጋገሩ ጥቅም ደግሞ ትልቅ ነው፤ ለውጡ በሙሉ ከ«ከ» ቀጥሎ ያለውን ቁጥር መለወጥ ብቻ ይሆናል። ከስምንት ሦስት እጅ የሆነው ከመቶ ስንት እጅ ነው? መቶው ስምንት ቦታ ሲከፈል አንዱ እጅ 12.5 ነው፤ ሦስቱ እጅ 37.5። ከሺህስ? ሺው ስምንት ቦታ ሲከፈል አንዱ እጅ 125፣ ሦስቱ 375። ከአንድስ? 0.375። ላዕሉና ታሕቱ ይለወጣሉ እንጂ ድርሻው አንድ ነው።

ከመቶኛ ወደ አስርዮሽ ሲኬድ ነጥቡ ሁለት ቤት ወደ ግራ ይሄዳል፤ 37.5% የነበረው 0.375 ይሆናል፣ የመቶኛ ምልክቱም አብሮ ይጠፋል። ብዙዎች ነጥቡን አንቀሳቅሰው ምልክቱን ሳያጠፉ 0.375% ይጽፋሉ። ልዩነቱን በብር ይዩት፦ የ800 ብር 37.5% 300 ብር ነው፤ የ800 ብር 0.375% ግን 3 ብር ብቻ።

ንባቡን በተመለከተ «ዜሮ ነጥብ ሦስት ሰባት አምስት» ይባል። ሦስቱ ከአሥር፣ ሰባቱ ከመቶ፣ አምስቱ ከሺህ ነው፤ እያንዳንዱ በየቤቱ ይጠራ። «ዜሮ ነጥብ ሦስት መቶ ሰባ አምስት» ብሎ የሚያነብ ልጅ 0.375 ከ0.5 ይበልጣል ቢል አይፈረድበትም፤ ጆሮው የሰማው ሦስት መቶ ሰባ አምስትና አምስት ነው። «ሦስት መቶ ሰባ አምስት ሺኛ» ከተባለ ግን ታሕቱ ስለተጠራ ንባቡ ትክክል ነው፤ ወደ ክፍልፋይ የመመለሱም ጉዞ የሚጀምረው ከዚሁ ነው።

አመላለሱ እንዲህ ነው። 0.375 ማለት 375/1000 ነው። ላዕሉንም ታሕቱንም ለአምስት ሲያካፍሉ 75/200፣ ደግመው 15/40፣ ሠልሰው 3/8። ከመቶኛው ከተነሡ 37.5/100 ይጽፉና ነጥቡን ለማጥፋት ሁለቱንም በአሥር ያባዛሉ። ላዕሉን ብቻ ያባዛ ሰው 375/100 ያገኛል፤ ይህም 3.75 ነው፣ ከአንድ ሙሉ የተወሰደ ድርሻ ደግሞ ከሙሉው ሊበልጥ አይችልም።

ስምንት እንዲህ የሚገራው ሺህን ያለ ቀሪ ስለሚያካፍል ነው። ሲሶ ግን እምቢ ይላል፤ መቶው ሦስት ቦታ ሲከፈል 33 ደርሶ 1 ይተርፋል፣ ነጥብ አስገብተው ቢቀጥሉም ያው 1 እየተረፈ ማለቂያ የለውም። 0.33ን ወደ ኋላ ቢመልሱት 33/100 እንጂ ሲሶ አያገኙም። ቀደምቶቹ «ሠላሳ ሦስት ከሲሶ» ቢሉ ከአስርዮሹ ይልቅ ልክ ናቸው።

«በመቶ» እና «ከመቶ» ላይ የእኔ ምርጫ «ከመቶ» ነው። «በ» የማባዛት ምልክት ነውና፤ «ሦስት በአራት ክፍል» ሲባል ወርዱና ቁመቱ ይባዛል፣ ስናካፍል ደግሞ «ለ» እንላለን። ይሁንና «በመቶ» ዜናውንም ሪፖርቱንም ወርሶታል፤ ሰሚውም በብዜት አይተረጉመውም። «ከመቶ» ደግሞ የፈተና ውጤት እየመሰለ መጥቷል። ሳልወድ በግድ «በመቶ» ልክ ነው እላለሁ፤ ልጅዎም በደብተሯ ትጻፈው።

በአንድ ነገር ደግሞ ልጅዎ ትበልጠናለች። «ከስምንት ሦስት እጅ» ታሕቱን አስቀድሞ ስለሚጠራ፣ የሰማውን በቅደም ተከተል የሚጽፍ ልጅ ስምንትን ለሦስት አካፍሎ 2.66 ያመጣል። «ሦስት ስምንተኛ» ግን ተካፋዩን ያስቀድማል። ስለዚህ ስታካፍል የራሷን ንባብ ትከተል። ከማካፈሏ በፊት ግን በእርስዎ አነጋገር አንድ ጊዜ ትገምት፦ የስምንት እኩሌታ አራት ነው፣ ሦስት ከአራት በጥቂት ያንሳል፣ ስለዚህ መልሱ ከመቶ ሃምሳ እጅ ሳይደርስ መቅረት አለበት። ይህ ግምት 2.66ንም 3.75ንም ይይዛል፤ 37.4ን ግን አይዝም፤ እርሱን የሚይዘው ቀሪውን «ከስምንት አራት» ብሎ ማንበብ ብቻ ነው።