ከምኞት ወይስ ከትዝታ?

ጥያቄ፦ የልደት መልእክት ስጽፍ አንዳንዴ «እንኳን ተወለድክ» ብዬ፣ አንዳንዴ ደግሞ አብረን ያሳለፍነውን አንስቼ እጀምራለሁ። የትኛው ለማን ይስማማል?

መልስ፦ «አንቱ» ለሚሉት ሰው፣ ብዙ ሰው በሚያነበው ቦታ ለሚጽፉለት፣ ከተጠፋፋችሁም ለቆየ ወዳጅ ከምኞቱ ይጀምሩ። በተለይ ለተጠፋፉት ይህ ይጠቅማል፤ ከዓመታት ዝምታ በኋላ «ያን ጊዜ ትዝ ይልሃል?» የሚል መልእክት የደረሰው ሰው ቀጥሎ ምን ሊጠየቅ እንደሆነ ያስባል። «እንኳን ለልደትህ አደረሰህ» ሲቀድም ግን የመጡበት ጉዳይ ወዲያው ይታወቃል።

በትዝታ መጀመር የሚያምረው ሁለታችሁም በነበራችሁበት ነገር፣ ለቅርብ ሰው፣ ለብቻው ሲጻፍ ነው። ችግሩ ብዙውን ጊዜ ከግሡ ይመጣል። «ሲበዛ ቀልደኛ ነበርክ፤ ሁሉም ይወድህ ነበር» የሚለውን ይመልከቱ። ጸሐፊው ማሞገሱ ነው፤ «ነበርክ» ግን የሰውየውን ጠባይ በኃላፊ ጊዜ ስለዘጋው የሐዘን ንግግር ይመስላል፤ ቢቀል «አሁን ግን ተለውጠሃል» ያሰኛል። ስለዚህ ጠባዩን ትተው አንድ ድርጊት ያንሡ፣ ማሰሪያውንም ወደ ዛሬ ያምጡት፦ «ፈተና መሀል ያስነሳህብኝ ሳቅ እስካሁን አልለቀቀኝም። እንኳን ተወለድክ!» ድርጊቱ የትናንት፣ ሳቁ የዛሬ ነው፤ «እንኳን ተወለድክ»ም ምክንያት አግኝቶ ይከተላል።

«ትዝ አለኝ» እና «ትዝ ይለኛል»ም አይምታቱ። የመጀመሪያው አሁን ድንገት መጣልኝ ማለት ነው፤ ሳያስቡት እስካሁን ረስቼው ነበር የሚል ትርጉም ያስከትላል። ለልደት «ትዝ ይለኛል» ወይም «አልረሳውም» ይሻላል።

ለቀድሞ መምህርዎ ሲጽፉ እንበል። «ትዝ ይልዎታል፣ ጽሑፌን ሦስት ጊዜ ያስደገሙኝ?» ቢሉ ሁለት ነገር ይበላሻል፦ ታላቅ ሰው በጥያቄ ይፈተናሉ፣ ትዝታውም ወቀሳ ይመስላል። ምኞቱን ያስቀድሙና ጥያቄውን ወደ ምስጋና ይመልሱት፦ «እንኳን ለልደት ቀንዎ አደረሰዎ። ጽሑፌን ሦስት ጊዜ ያስደገሙኝን ቀን አልረሳውም፤ ዛሬም አንድ ጊዜ ጽፌ አልተውም።» እዚህ ላይ «አደረሰዎ» ብለው «ያስደገምከኝ» እንዳያስከትሉ፤ ምኞቱ የተለመደ ቃል ስለሆነ በአንቱታ ይወጣል፣ ትዝታው ላይ ግን እጅ ያመልጣል።

አንድ ነገር ልጨምር። ስልክ መልእክቱ ሳይከፈት የሚያሳየው የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ቃላት ብቻ ነው። «ያን ሌሊት ሆስፒታል ስንሮጥ…» የሚል ጅማሬ፣ መጨረሻው የቱንም ያህል ቢያስቅ፣ ተቀባዩን አስደንግጦ ነው የሚያስከፍተው። እንዲህ ላለው ትዝታ የቅርብ ጓደኛም ቢሆን «መልካም ልደት» ይቅደም።